የማለፊያ ነጥቡን ማን ቆረጠው? የአንጎፍ ዘዴ ሲብራራ

ፈተና ታርሞ ውጤት ከመለጠፉ በፊት አንድ መስመር መሰመር አለበት። ከመስመሩ በላይ ያለው ያልፋል፣ ከታች ያለው ይወድቃል። ብዙ ሰው ይህ መስመር ከሆነ ቀመር ውስጥ የሚወጣ ይመስለዋል። አይደለም። የሚያሰምሩት ሰዎች ናቸው። ልዩነቱ አንዳንዱ ቦታ አንድ ኃላፊ ቢሮው ቁጭ ብሎ ሲቆርጠው፣ ሌላው ቦታ ደግሞ መምህራን ተሰብስበው ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አይተው መወሰናቸው ነው። በዚህ በሁለተኛው መንገድ በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ የአንጎፍ ዘዴ ይባላል።

## ግማሹን ያገኘ ይለፍ ቢባል ምን ችግር አለው?

ችግሩ ፈተና ሁሉ እኩል አለመክበዱ ነው። ዘንድሮ ጥያቄዎቹ ጠጠር ብለው ይመጣሉ እንበል፤ ለከርሞ ደግሞ ይቀላሉ። በእውቀት እኩል የሆኑ ሁለት ልጆች በተለያየ ዓመት ተፈትነው አንዷ 47 አምጥታ ትወድቃለች፣ ሌላው 56 አምጥቶ ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጥያቄዎቹ ክብደት ብቻ ነው።

«እንግዲያው ከላይ 60 በመቶው ይለፍ» የሚልም አለ። ይህ ቦታው ውስን ለሆነ ውድድር ያስኬዳል። ልጁ ትምህርቱን ችሏል ወይስ አልቻለም ለሚለው ግን መልስ አይሆንም። ሁሉም ጎበዝ ቢሆኑ እንኳ 40 በመቶው መውደቁ አይቀርም። ሁሉም ሰነፍ ቢሆኑም 60 በመቶው ያልፋል። የአንዱ ልጅ ዕጣ ከጎኑ በተቀመጠው ልጅ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

የአንጎፍ ዘዴ የሚነሳው ከፈተናው ጥያቄዎች ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ «ለጥቂት የሚያልፍ ተማሪ ይህን ይመልሳል ወይ?» ብሎ ይጠይቅና ግምቶቹን ይደምራል። የቤት ግንባታ ወጪ የሚገምት ሰው እንዲሁ በዓይኑ አይቶ «ይህን ያህል ይፈጃል» አይልም። መሠረቱን ለብቻ፣ ግድግዳውን ለብቻ፣ በርና መስኮቱን ለብቻ ይገምትና ይደምራል። እያንዳንዱ ግምት ትንሽ ቢዛነፍም አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ስለሚሄድ ድምሩ ከጅምላ ግምት የተሻለ ይሆናል።

ዘዴው ስሙን ያገኘው ከዊልያም አንጎፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኢቲኤስ በተባለው የፈተና ድርጅት የሚሠራ የልኬት ባለሙያ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 በታተመ ረጅም ምዕራፍ ውስጥ ነገሩን ጠቅሶት ያለፈው በጥቂት መስመሮች ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ዓይነት እንዲያውም የሰፈረው በግርጌ ማስታወሻ ላይ ነው። ሐሳቡንም የሥራ ባልደረባው የሌድያርድ ተከር እንደሆነ እዚያው ተናግሯል። ስሙ ግን እሱ ላይ ቀረ።

## «ለጥቂት የሚያልፍ ተማሪ» ማን ነው?

የዘዴው ልብ ያለው እዚህ ነው። ስህተቱም በብዛት የሚጀምረው እዚሁ ነው።

መምህራኑ የሚገምቱት ስለ ጎበዙ አይደለም። ስለ መካከለኛውም አይደለም። በሐሳባቸው መያዝ ያለባቸው መስመሩ ላይ የቆመውን ልጅ ነው። ማለፍ ይገባዋል፣ ግን ለጥቂት ነው። ትንሽ ቢቀንስ ኖሮ አይገባውም ነበር።

እንዲህ ያለውን ልጅ ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋል። አሥር መምህራን ጠይቁ፤ አሥር የተለያየ ልጅ ይስሉላችኋል። ጠንካራ ክፍል የምታስተምረው መምህርት ከክፍሏ ደከም ያለውን ታስባለች። የእሷ ደካማ ሌላ ቦታ አንደኛ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አንድም ጥያቄ ሳይታይ በፊት ጠዋቱ የሚያልቀው ይህን ልጅ በወረቀት ላይ በማስፈር ነው።

የ8ኛ ክፍል ሂሳብን እንውሰድ። «መሠረታዊ እውቀት ያለው» ብሎ መጻፍ የትም አያደርስም። የሚጠቅመው እንዲህ ያለ መግለጫ ነው፦ ክፍልፋዮችን ይደምራል፣ የታችኛው ቁጥር ሲለያይ ግን አንዳንዴ ይሳሳታል። ባለ አንድ እርምጃ እኩልታ ይፈታል፣ ያልታወቀው በሁለቱም ወገን ሲመጣ ይቸገራል። የአራት ማዕዘን ስፋት ያወጣል፣ ቅርጹ የተቀጣጠለ ከሆነ ግን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። የሚችለውም የሚያቅተውም አብሮ መጻፍ አለበት። የሚችለው ብቻ ከተጻፈ መምህራኑ ሳያውቁት ጎበዝ ልጅ ማሰብ ይጀምራሉ።

## ስብሰባው ውስጥ ምን ይሠራል?

ለምሳሌ ያህል ባለ 40 ጥያቄ የሂሳብ ፈተና አለን እንበል። ሁሉም ባለ አራት ምርጫ ነው። ትምህርቱን የሚያስተምሩ 10 መምህራን ተጠርተዋል። ከተለያየ ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው፤ ልምዳቸውም ይለያያል። ቁጥሮቹን ያስቀመጥኳቸው ነገሩን ለማሳየት ነው፤ ሂደቱ ግን እንዲሁ ነው።

መጀመሪያ መምህራኑ ራሳቸው ይፈተናሉ። የመልሱ ቁልፍ አይሰጣቸውም። ይህ ቀልድ ወይም ማዋረድ አይደለም። ትክክለኛው መልስ ተሰምሮበት የቀረበ ጥያቄ ከእውነተኛው ይልቅ ቀላል ይመስላል። ራስህ ስትሠራው ግን የትኛው ምርጫ እንደሚያታልል እጅህ ላይ ታገኘዋለህ።

ከዚያ ወደ ግምቱ ይገባል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረብ ብለን እንይ።

የ240 15 በመቶ ስንት ነው?
ሀ. 16
ለ. 24
ሐ. 36
መ. 225

መልሱ ሐ ነው። ለመምህራኑ የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ለጥቂት የሚያልፉ 100 ተማሪዎች ፊትህ ቢቀመጡ፣ ስንቶቹ ይህን በትክክል ይመልሳሉ? አንድ ልጅ በሐሳብ ይዞ «የመመለስ ዕድሉ ስንት ነው» ከማለት፣ መቶ ልጅ አስቦ መቁጠር ለብዙ ሰው ይቀላል።

ሁሉም ማንንም ሳያማክር በየወረቀቱ ይጽፋል። የመጀመሪያው ዙር እንዲህ መጣ፦ 90፣ 85፣ 80፣ 75፣ 75፣ 70፣ 70፣ 65፣ 60 እና 30። አማካዩ 70 ነው። ግን 90 እና 30ን እዩ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ልጅ እያወሩ አይደለም።

አወያዩ ማን ትክክል እንደሆነ አይናገርም። ሁለቱንም ለምን እንደዚያ እንዳሉ ብቻ ይጠይቃል።

90 ያሉት ጋሼ «ይህ እኮ የ6ኛ ክፍል ትምህርት ነው። 8ኛ ክፍል ደርሶ ይህን ያላወቀ ምን ሊያውቅ ነው?» አሉ።

30 ያለችው መምህርት ደግሞ «የእኔ ልጆች 15 በመቶ ሲባሉ ለ15 ያካፍላሉ። 240 ለ15 ሲካፈል 16 ይመጣል፤ 16 ደግሞ ሀ ላይ ቁጭ ብሎላቸዋል። ሌሎቹ 15 ይቀንሱና 225 ይላሉ፤ እሱም አለ» አለች።

ልዩነቱን አስተውሉ። እሳቸው የመለሱት ልጁ ማወቅ ስላለበት ነገር ነው። እሷ የመለሰችው ልጁ ወረቀቱ ላይ ስለሚያደርገው ነገር ነው። በዚህ ዘዴ የሚጠየቀው ሁለተኛው ነው። «ማወቅ አለበት» የሚለው ስሜት ቀድሞ ሥራውን ሠርቷል፤ ለጥቂት የሚያልፈው ልጅ ምን ይችላል ተብሎ ሲጻፍ ማለት ነው። ጥያቄው ላይ ሲደረስ እንደገና ከገባ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ያኔ መስመሩ ማንም ሳያስበው ወደ ላይ ይሰቀላል።

እሷም ብትሆን ሙሉ በሙሉ ልክ ናት ማለት አይደለም። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚመታ ልጅ እንኳ ከ100 ወደ 25 ጊዜ ያገኛል። 30 ማለት ለጥቂት የሚያልፈው ልጅ ከገማች ብዙም አይሻልም ማለት ነው። አታላይ ምርጫ ሲኖር ከ25 በታች መውረድም ይቻላል፤ ልጁ አይገምትም፣ በልበ ሙሉነት ይሳሳታል። ይህ ግን ምክንያት የሚጠየቅበት ቁጥር ነው።

ከውይይቱ በኋላ፣ ጥያቄው ቀደም ብሎ ተሞክሮ ከሆነ ወይም ፈተናው ተሰጥቶ ከሆነ፣ አንድ መረጃ ይቀርባል፦ ከጠቅላላ ተፈታኞች ይህን ጥያቄ ያገኙት 62 በመቶ ናቸው። ክፍሉ ዝም ይላል። ጎበዞቹም ተቆጥረው 62 ከሆነ፣ መስመሩ ላይ ያለው ልጅ እንዴት 90 ይሆናል?

ሁለተኛው ዙር፦ 65፣ 60፣ 60፣ 60፣ 55፣ 55፣ 55፣ 50፣ 50 እና 40። አማካዩ 55 ሆነ። አንድ ዓይነት ቁጥር አልሆኑም። እንዲሆኑም አይጠበቅም።

## ከዚያስ ነጥቡ እንዴት ይወጣል?

ሂሳቡ ከሁሉም ቀላሉ ክፍል ነው። ለዚህ ጥያቄ 55 ከ100 ማለት 0.55 ነጥብ ማለት ነው። ለ40ዎቹም ጥያቄዎች እንዲህ አማካዩ ይወጣና ይደመራል። በእኛ ምሳሌ የመጀመሪያው ዙር ድምር 25.6 ነበር። ሁለተኛው 22.4 ሆነ። ከ40 ሲሰላ 56 በመቶ ነው። ትርጉሙ «ለጥቂት የሚያልፍ ተማሪ ይህን ፈተና ቢፈተን ወደ 22.4 ገደማ ያገኛል» ነው።

22.4 የሚያገኝ ተማሪ ግን የለም። 22 ወይም 23 ነው። 22 ያገኘ ይለፍ ወይስ አይለፍ? ይህ ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ መወሰን ያለበት ነገር ነው። ውጤት ከታየ በኋላ ሲወሰን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ልጅ ይኖራል።

## በግምት ላይ የቆመ ነገር እንዴት ይታመናል?

ሙሉ በሙሉ አይታመንም፤ ይፈተሻል። የመጀመሪያው ፍተሻ መምህራኑ ምን ያህል ተቀራርበዋል የሚለው ነው። የእያንዳንዱ መምህር የ40 ጥያቄ ድምር ይወሰዳል። በሁለተኛው ዙር የእኛዎቹ 10 ሰዎች 20፣ 21፣ 21.5፣ 22፣ 22፣ 22.5፣ 23፣ 23፣ 24 እና 25 ላይ ቆመዋል እንበል። የልዩነታቸው መለኪያ፣ ማለትም መደበኛ ልይይቱ፣ 1.45 ገደማ ነው። ይህን ለ10 ካሬ ሥር፣ ለ3.16 ማለት ነው፣ ስናካፍለው 0.46 ይመጣል። በቀላሉ፦ ሌሎች ተመሳሳይ 10 መምህራን ቢጠሩ ነጥቡ በግማሽ ነጥብ ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል አይደንቅም። መጥፎ አይደለም። ይህ ቁጥር 2 ወይም 3 ቢሆን ኖሮ መስመሩ በማን መጠራት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የገማቾቹ ቁጥር ለምን እንደሚጠቅምም ከዚህ ይታያል። ሦስት ሰው ቢሆኑ ኖሮ በዚሁ ልዩነት 0.84 ይሆን ነበር።

መቀራረብ ብቻውን ግን ያታልላል። ሁሉም አንድ ላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ። ወይም ደግሞ አንድ ርዕሰ መምህር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ቀድሞ ተናግሮ ሌላው «እሱ ካለ» ብሎ ተከትሎ ይሆናል። የዚህ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በሁለተኛው ዙር ሁሉም ወደ አማካዩ ሳይሆን ወደ አንድ ሰው ቁጥር ሄደው ተደርድረው ታገኛቸዋለህ። መድኃኒቱ የሁለተኛውንም ዙር ግምት በየግል ማስጻፍና ቁጥሮቹን ያለ ስም ማሳየት ነው። አለቃን ከበታች ሠራተኛው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አለማስቀመጡም ይረዳል።

ሌላው ፍተሻ የመምህራኑን ግምት ከእውነተኛው ውጤት ጋር ማስተያየት ነው። ጥያቄዎቹን ከከባድ ወደ ቀላል ሲደረድሩ፣ የተማሪዎቹ መልስ ከሚያሳየው ቅደም ተከተል ጋር በጥቅሉ መሄድ አለበት። አንድ መምህር ለሁሉም ጥያቄ 65 እና 70 ብቻ እየጻፈ ከሄደ እያየ አይደለም፤ ደክሞታል ወይም አልገባውም። ከምሳ በኋላ ይህ ይበዛል። ብዙ ጥያቄ በአንድ ቀን መጨረስ የሚፈልግ አዘጋጅ መጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ያለ ፍርድ ነው የሚያገኘው።

ከዚህ ሁሉ ግን ከሥር የሚነሳ ወቀሳ አለ። ሰዎች አንድን ጥያቄ ስንት ሰው እንደሚመልሰው መገመት ላይ ደካሞች ናቸው። ብዙ ጊዜ የታየው ነገር ከባዱን ጥያቄ ከእውነተኛው የቀለለ፣ ቀላሉን ደግሞ ከእውነተኛው የከበደ አድርጎ ማየት ነው። ቁጥሮቹ ወደ መሐል ይሰባሰባሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1993 የአሜሪካ ብሔራዊ የትምህርት አካዳሚ ያወጣው ሪፖርት በአገሪቱ ብሔራዊ የተማሪዎች ምዘና ላይ የተሠራበትን አንጎፍ መሰል አሠራር በዚሁ ምክንያት ከመሠረቱ ችግር ያለበት ብሎታል። ሌሎች የሙያው ሰዎች ደግሞ ድምዳሜውን ተከራክረውታል። ክርክሩ አልተዘጋም። የእኔ ግምት ይህ ነው፦ ዘዴው ያለ ሥልጠናና ያለ ትክክለኛ መረጃ ከተሠራ ወቀሳው ልክ ነው። ሁለት ዙርና የተማሪ ውጤት ሲጨመርበት ግን፣ ቢሮ ውስጥ ከሚቆረጥ ክብ ቁጥር በብዙ ይሻላል። ቢያንስ ለምን 56 ሆነ ብሎ ለጠየቀ የሚታይ ወረቀት አለ።

## መምህራኑ ስንት ልጅ እንደሚወድቅ ያውቃሉ?

ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ይነገራቸዋል። «በ22.4 ከሄድን ከተፈታኞቹ ይህን ያህሉ ያልፋሉ» ይባላሉ። ሐሳቡ መስመሩ እውነት የማይመስል ቦታ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ነጥቡ ላይ 8 በመቶ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ፣ ወይ ትምህርቱ አልተሰጠም፣ ወይ መምህራኑ ያሰቡት ልጅ የለም። ያኔ ወደ መግለጫው ይመለሳሉ።

አደጋውም እዚሁ ነው። ይህ ቁጥር ቶሎ ከቀረበ ሰዎቹ ጥያቄውን ትተው የሚፈልጉትን የማለፍ መጠን ማሳደድ ይጀምራሉ። ያኔ በስም አንጎፍ፣ በተግባር «60 በመቶው ይለፍ» ሆነ። ስለዚህ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የጥያቄዎቹ ሥራ ካለቀ በኋላ ማቅረቡ ይመረጣል።

## የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው?

መምህራኑ አይደሉም። እነሱ ሐሳብ ያቀርባሉ፤ የሚያጸድቀው ፈተናውን የሚሰጠው አካል ነው። ያም አካል 22.4 ቀርቦለት 22 ወይም 21 ሊያደርገው ይችላል። ለምሳሌ መውደቅ የሌለበትን ልጅ መጣል ይከፋል ብሎ ካመነ አንድ ሁለት ነጥብ ዝቅ ያደርጋል። የሐኪሞች የብቃት ፈተና ቢሆን ደግሞ ማለፍ የሌለበትን ማሳለፍ ስለሚያስፈራ ወደ ላይ ሊሄድ ይችላል። ይህ የፖሊሲ ውሳኔ ነው፤ ነውር የለበትም። ነውሩ ዝቅ ወይም ከፍ ያለበትን ምክንያት ሳይጽፉ «መምህራኑ የወሰኑት ነው» ማለት ነው።

## በሚቀጥለው ዓመት ያው 56 ይሠራል?

አይሠራም። 56 በመቶ የዚህ ፈተና፣ የእነዚህ 40 ጥያቄዎች ነጥብ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጥያቄዎቹ ይቀየራሉ፤ ቀለል ካሉ ያው ልጅ 25 ያገኛል፣ ከከበዱ 20።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መምህራን እንደገና ጠርቶ አዲሱን ፈተና ከሀ እስከ ፐ መገመት ነው። ይህ ሲሆን ጥያቄውም ሰዎቹም ይቀየራሉ፤ ነጥቡ ከ56 ወደ 61 ቢወጣ ፈተናው ቀልሎ ነው ወይስ አዲሶቹ መምህራን ጨካኝ ሆነው ነው የሚለውን መለየት ያስቸግራል። ቢያንስ ለጥቂት የሚያልፈው ልጅ መግለጫ ያው የዘንድሮው መሆን አለበት፣ ከዘንድሮዎቹ መምህራንም የተወሰኑት መመለስ አለባቸው።

ሌላው መንገድ ከዘንድሮው ፈተና የተወሰኑ ጥያቄዎችን በአዲሱ ውስጥ ሳይለውጡ መክተት ነው። ሁለቱ ዓመት ተፈታኞች በእነዚያ የጋራ ጥያቄዎች ላይ ያመጡት ውጤት የቱ ቡድን እንደሚበልጥ ያሳያል። ከዚያ በቀሩት ጥያቄዎች ላይ የሚታየው ልዩነት ከልጆቹ ነው ወይስ ከጥያቄዎቹ የሚለው ይለያል፤ የዘንድሮው 22.4 በአዲሱ ፈተና ስንት እንደሚሆንም በስሌት ይወጣል። ለዚህ ግን የጋራዎቹ ጥያቄዎች ከዘንድሮው ፈተና አዳራሽ ሳይወጡ መቆየት አለባቸው። ፎቶ ተነስተው በስልክ ከተዘዋወሩ ልጆቹ ጎበዝ የሆኑ ያስመስላሉ፣ አዲሶቹ ጥያቄዎችም ከእውነተኛው የከበዱ ይመስላሉ፣ የማለፊያ ነጥቡም ያለ አግባብ ዝቅ ይላል።